አይተውት ዝም ላሉት ጋሼ ሁለተኛ መልእክት

«ሰላም እትዬ። የደሴ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሥራ አግኝቻለሁ፤ የ60,000 ብር ተያዥ አምጣ ተባልኩ። 10 ቀን ቀርቶኛል። ደሴ ላሉ የድሮ ጎረቤታችን፣ እንደ አባት ለማያቸው ሰው በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። ሁለት ራይት ሆኗል። 6 ቀን አለፈ፣ ዝም። የላክሁትንና አሁን ልልከው ያሰብኩትን አያይዤልሻለሁ። ልላከው ወይስ ልደውል? ባስጨንቃቸው እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ ሥራው ያመልጠኛል።
ተያዥ ያጣው፣ ከኮምቦልቻ»

ወንድሜ፣ ያሰብከውን እንዳትልከው። እንዳትደውልም። ሁለተኛ መልእክት ግን ትጽፋለህ፣ ቃላቱን አብረን እንመርጣለን።

በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ ራይት። በቴሌግራም አንዱ ራይት መልእክቱ ከስልክህ ወጥቶ ቴሌግራም ጋ ደርሷል ማለት ነው። ሁለተኛው የሚመጣው እሳቸው ካንተ ጋር የሚጻጻፉበትን ገጽ ሲከፍቱ ነው። መክፈታቸውን ይነግርሃል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አያውቅም። እስከ መጨረሻው አነበቡት? የልጅ ልጃቸው ስልኩን ስትነካካ ተከፈተ? ሁሉም በሁለት ራይት ነው የሚታይህ። የተገላቢጦሹም አለ። መልእክቱን ሳይከፍቱት ከስልኩ አናት ላይ ብቅ ሲል ያነበበ ሰው አንድ ራይት እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ እነዚያን ምልክቶች እያየህ ስድስት ቀን ሙሉ የጋሼን ልብ ስታነብ ከርመህ ከሆነ፣ ያነበብከው የራስህን ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ሰው ዘግቻለሁ። የወር ደመወዝተኛ ሳለሁ ነው። የማውቀው ልጅ «ዋስ ሁኚኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነበር። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ከፈትኩት፣ ግማሹን አነበብኩ። ቤት ገብቼ፣ አስቤ እመልስለታለሁ አልኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴን ማማከር ነበረብኝ፣ እሱ ደግሞ መስክ ወጥቷል። በማግስቱ «ትናንት ለምን አልመለስሽም ይለኛል» ብዬ አቅማማሁ። በአራተኛው ቀን መልሱ ብቻውን አልበቃ አለኝ፣ ለመዘግየቴም ሰበብ መፈለግ ነበረብኝ። በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ላይ ከሩቅ አየሁትና በሌላ በኩል ዞርኩ። ልጁን አልጠላሁትም። እንቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። ዝምታው በቆየ ቁጥር እየከበደ ሄደ፣ ያው ነው። በዘጠነኛው ቀን «ምነው፣ ምን በደልኩሽ?» ብሎ ጻፈልኝ። ያን ጊዜ ጭራሽ አልመለስኩለትም።

ጋሼህ ምን ላይ እንዳሉ አላውቅም። ግን ረስተውህ ነው ብዬ አላምንም። ተያዥ ሁኑኝ የሚል መልእክት አይረሳም። የከበዳቸው መልሱ ነው። ሁለተኛው መልእክትህ መልሱን ካቀለለላቸው ሥራውን ሠራ።

አሁን የመጀመሪያውን እንየው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። እንደምን ነዎት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ጋሼ፣ በእርስዎ ዱዓ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቻለሁ። ተያዥ ግን ጠየቁኝ። እርስዎ እንደ አባቴ ነዎት፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ። እንደማያሳፍሩኝ አውቃለሁ።»

ጨዋ መልእክት ነው፣ ያሳደጉህን ያስመሰግናል። ግን ቁጠረው። ስለ እሳቸውና ስለ ልጆቹ ሁለት ጥያቄ አለ፣ ስለ ተያዡ አንድም የለም። «ተያዥ ይሆኑኛል ወይ?» አላልክም። «ተያዥ ጠየቁኝ» ብለህ ተውከው። ጋሼ መልስ ልስጥ ቢሉ ለየትኛው ይስጡ? «ልጆቹ ደኅና ናቸው» ብለው ዝም ቢሉ ያሳፍራል፣ ሌላውን ለመመለስ ደግሞ የሚያውቁት ነገር የለም። ስንት ብር ነው? ምን ወረቀት ይፈለጋል? እስከ መቼ? ለእኔ 60,000 ብር ብለሃል። ለእሳቸው አልነገርካቸውም። ቁጥር ያልተነገረው ሰው የራሱን ቁጥር ያስባል፣ የሚያስበውም ትልቁን ነው። ቤቴን ይሸጡብኛል ብሎ ያደረ ተያዥ አውቃለሁ።

ቁጥሩ ለሕጉም የግድ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ቁጥር 1922 ላይ፣ ዋስትና በግልጽ የተሰጠ መሆን እንዳለበትና ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት የገንዘብ ጣሪያ ካልተጻፈበት እንደማይጸና ይናገራል። ጋሼ ይህን ጣሪያ መጠየቅ ነበረባቸው። ያንተን ፊት አይተው ያፍራሉ እንጂ አይጠይቁም። ስለዚህ ሳይጠይቁህ ስጣቸው።

«እንደማያሳፍሩኝ አውቃለሁ» የምትለዋን ግን ምነው ባልጻፍካት ኖሮ። ምስጋና ትመስላለች፣ ወጥመድ ነች። እንቢ ካሉ አሳፋሪ ሆኑ ማለት ነው። «ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ» ስትጨመርበት በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ይሉኝታ ያለው ሰው እዚህ ላይ እሺ ማለት ካልቻለ ዝም ነው የሚለው። ሌላ መውጫ አላስቀረህለትም።

ልትልከው ያሰብከው ደግሞ ይኸው።

«ጋሼ፣ መልእክቴን እንዳዩት አይቻለሁ። ምነው ዝም አሉኝ? ሳላውቅ አስቀይሜዎት ይሆን? እባክዎ ቀኑ እየሄደብኝ ነው፣ እሺም ሆነ እንቢ አንድ ነገር ይበሉኝ።»

«እንዳዩት አይቻለሁ» ስትል በመስኮት ቆመህ ስታያቸው እንደነበር ነገርካቸው። «ምነው ዝም አሉኝ» ሁለተኛ ዕዳ ነው። አሁን የተያዡን ብቻ ሳይሆን የዝምታቸውንም ምክንያት ሊመልሱልህ ነው። «አስቀይሜዎት ይሆን» ትሕትና ይመስላል፣ ግን እሳቸው ተጨንቀው ሳለ አንተን እንዲያጽናኑ ያደርጋቸዋል። የመጨረሻዋ «እሺም ሆነ እንቢ» ጥሩ ሐሳብ ነበራት። ችግሯ፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው ለትንሽ ልጅ «እንቢ» ብሎ አይጽፍም። ቃሉ አፋቸው ላይ አይመጣም። በል እንግዲህ፣ የሚሉትን ቃል አንተ አዘጋጅተህ ስጣቸው።

እንዲህ ብትጽፍስ?

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ደኅና እንደሰነበቱ ተስፋዬ ነው። ባለፈው ስለ ተያዥ የጻፍኩልዎ ዝርዝር አልነበረውም፣ ይቅርታ። ዋስትናው የ60,000 ብር ነው። የምረከበው ንብረት ቢጎድል እስከዚህ ድረስ ይጠየቃሉ ማለት ነው። የሚፈለገው ከመሥሪያ ቤትዎ ደመወዝዎን የሚገልጽ ደብዳቤና ኮምቦልቻ መጥቶ መፈረም ነው። ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላ ዋስትና ይዘው ወይም ቤት ውስጥ ተማክረው ላይመችዎት ይችላል። ያኔ «አይመቸኝም» ብቻ ቢሉኝ ይበቃኛል፣ ምክንያቱን አልጠይቅም። አንድ ሌላ ዘመድም እያነጋገርኩ ነው። እስከ ረቡዕ ካልተነጋገርን በእሱ እጨርሳለሁ፣ በእኔ ምክንያት እንዳይጨነቁ።»

ፋብሪካው የሚፈልጋቸው ወረቀቶች እነዚህ ብቻ መሆናቸውን ጠይቀህ አስተካክለው። እኔ የጻፍኩት ብዙ ቦታ የሚጠየቀውን ነው።

አጀማመሩን ተመልከት። ሰላምታ አለ፣ ግን የጥያቄ ምልክት የለውም። ሰላምታ መቅረት የለበትም፣ ለትልቅ ሰው ያለ ሰላምታ መጻፍ ነውር ነው። ያለ ጥያቄ ሰላም ማለት ግን ይቻላል። ሌላም ላስጠንቅቅህ፤ «ሰላም ጋሼ» ብቻ ልከህ መልስ እስኪመጣ እንዳትጠብቅ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ለዚያች ሰላምታ እንኳ አይመልሱልህም። ሁሉም በአንድ መልእክት ይግባ።

ከሰላምታው ቀጥሎ አዲስ ነገር ይመጣል። ሁለተኛ መልእክት የምትልክበት ምክንያት የእሳቸው ዝምታ ሳይሆን የአንተ ጉድለት ሆነ፤ ዝርዝሩን አስቀርተህ ነበር፣ አሁን አመጣህ። ይህ ማታለል አይደለም፣ በእርግጥም አስቀርተሃል። እሳቸውም «እስካሁን ያልመለስኩት ዝርዝሩን ስጠብቅ ነው» የሚሉበት ቦታ ያገኛሉ። አንዳንድ ሰው ይህችን ቦታ ሲያገኝ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይመልሳል።

«ሌላ ዋስትና ይዘው» የምትለዋ የዘፈቀደ አይደለችም። የደመወዝ ደብዳቤ የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ለሌላ ሰው ዋስ መሆን አለመሆኑን ያያሉ። ጋሼ ለእህታቸው ልጅ ፈርመው ከሆነ ባንተ ላይ ጨክነው ሳይሆን አይችሉም። ይህንንም ለማንም መንገር አይፈልጉ ይሆናል። «አይመቸኝም» የሚለው ቃል ሁሉንም ይሸፍንላቸዋል።

አሁን ወደ ረቡዕ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ደብዳቤህን የማነበው ቅዳሜ ነው። 10 ቀንህ የሚያልቀው ከሚመጣው ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው። የደመወዝ ደብዳቤ ፊርማና ማኅተም ይፈልጋል፣ ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ይገባል። ሦስት የሥራ ቀን ያዝለት፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ። ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወርዶ መፈረሚያ። ስለዚህ ረቡዕን ያወጣሁት ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው። «ቶሎ» ወይም «በአስቸኳይ» ብትል ሰውየው የሚይዘው ነገር የለም፣ ጭንቀቱ ብቻ ይደርሰዋል። ቀን ግን የሚያዝ ነገር ነው።

ያው ቀን ሲጻፍ ደግሞ በአንድ ቃል ይገለበጣል። «እስከ ረቡዕ ካልመለሱልኝ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ» ብትል ማስፈራሪያ ነው፣ ጥፋቱም የእሳቸው ይሆናል። «እስከ ረቡዕ መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ» ብትል ደግሞ ረቡዕ ድረስ አንገታቸው ላይ ተንጠለጠልክ። «እስከ ረቡዕ ካልተነጋገርን በእሱ እጨርሳለሁ» ላይ ግን ያልመለሰ ሰው የለም፣ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዝም ቢሉ እንኳ ዝምታው መልስ ሆኖ ይቆጠርላቸዋል። እንቢ ሳይሉ እንቢ ማለት ይችላሉ። እሺ ሊሉ የነበሩ ከሆነም፣ ነገሩ እስከ ረቡዕ ብቻ ክፍት እንደሆነ ስላወቁ ይጽፉልሃል።

አንድ ነገር ግን አለ። «ሌላ ዘመድ» የምትለው እውነት መሆን አለበት። ደሴ ትንሽ ከተማ ነች። የሌለ ዘመድ ፈጥረህ ረቡዕ ሲያልፍ ተመልሰህ «ጋሼ፣ ያ ሰው አልሆነም» ብትል ያቀለልከው ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ጠይቅ። አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ የአባትህ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ለእሱም ቁጥሩን ከመጀመሪያው ንገረው። እሺ ባይልህ እንኳ እያነጋገርክ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ትሄዳለህ። ላንተም ይበጅሃል። አንድ ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው የቱንም ያህል ቃላት ቢመርጥ ጭንቀቱ በቃላቱ መካከል ይታያል።

የምትልክበት ሰዓት እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይሁን። ማታ አልጋ ላይ የተከፈተ መልእክት ጠዋት የለም። ሥራ ሰዓት ላይ የተከፈተም ያው ነው፣ የእኔን የሐረጎ ታሪክ አስታውስ። እሑድ ከሰዓት ግን ሰውየው ቤቱ ነው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው አሉ፣ ሰኞ ደግሞ መሥሪያ ቤታቸውን ስለ ደብዳቤው መጠየቅ ይችላሉ። እስከዚያ እጅህን ካላመንከው ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭነህ ስትይዘው ሰዓት ቀጥረህ እንድትልክ ይፈቅድልሃል። የመጀመሪያውን መልእክት ግን እንዳታጠፋው። ቴሌግራም ከሁለቱም ስልክ ላይ ያጠፋልሃል፣ ይህ እውነት ነው። ጋሼ ግን ያዩት መልእክት ጠፍቶ ሲያገኙት ተቀየመ ብለው ነው የሚያስቡት።

እንዳትደውል ያልኩህ ለምን እንደሆነ ይገባሃል። ድምፅህን እየሰሙ «አይመቸኝም» ሊሉህ አይችሉም፤ ወይ ያልፈለጉትን እሺ ይሉሃል፣ ወይ አያነሱትም። ሚስኮል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እናትህን «ባለቤታቸውን ሰላም በይልኝ» ብለህ መላክም አስበህ ይሆናል። ያ ሽምግልና ነው። ለትዳር እንጂ ለተያዥ አይላክም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰውየው ያንተን ምንም ባልወሰደ ጊዜ ነው። ጋሼ ያንተ ዕዳ የለባቸውም፣ የጠየቅካቸው ውለታ ነው። ብድር ወስዶ ዝም ላለህ ጓደኛ ይህን በር እንዳትከፍትለት። «ካልተመቸህ ግዴለም» ብለህ የ4,000 ብር ብድርህን ብትጠይቅ፣ አይመቸውም።

መልሳቸው ከሦስት አንዱ ነው። እሺ ካሉ ወይም «ደውልልኝ» ካሉ ቀላል ነው፣ ያን ጊዜ ደውል። «ኢንሻአላህ እናያለን» ካሉ ይከብዳል። እኛ ወሎዎች በዚህች ቃል ስንት ነገር እንደምናሳልፍባት ታውቃለህ። አንዳንዴ እውነተኛ እሺ ነች፣ አንዳንዴ ለስላሳ እንቢ። «እሺ ማለትዎ ነው?» ብለህ እንዳታፋጥጣቸው። «እሺ ጋሼ፣ ረቡዕ ድረስ አቆየዋለሁ» ብለህ ተው። ረቡዕ ድረስ ሌላ ነገር ካልመጣ እንቢ ነበር።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። ረቡዕ ማታ ዝም ካሉ አትጻፍ። ረቡዕ እንደሚያልፍ አንተ ራስህ ነግረሃቸዋል፣ ሐሙስ ጠዋት «ጋሼ፣ እንግዲህ…» ብለህ ከተመለስክ ቃልህን በላህ። በሌላው ሰው ጨርስ።

ሥራ ስትጀምር ግን ሦስተኛ መልእክት ትልካለህ። «ጋሼ፣ የተያዡ ነገር አልቋል፣ ሥራ ጀምሬያለሁ። ለዒድ ስመጣ ቤት ብቅ እላለሁ።» በቃ። ጥያቄ የለውም፣ «ምንም አይደለም» የለውም፣ «ተረድቼዎታለሁ» የለውም። ያ እኔን ዋስ ሁኚኝ ያለው ልጅ ይህችን አልላከልኝም። ጉዳዩ ያልቅ አያልቅ ሳላውቅ ሁለት ዓመት ያህል ባየሁት ቁጥር መንገድ ቀይሬያለሁ። በኋላ ስሰማ ዋሱን ያገኘው ለእኔ በጻፈ በሳምንቱ ነው።

ፒያሳ ላይ ድንገት ብትገናኙና ጋሼ «ያ ነገርህ እንዴት ሆነ?» ቢሉህ «አልቋል ጋሼ» በላቸው። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠይቃቸው። ያቺ የመጀመሪያው መልእክት ላይ የነበረች ጥያቄህ ቦታዋ እዚያ ነው።